የእናቱ ዕቁብና 400 ቄብ፦ አንድ የድሬ ክር

የውይይት ክሩ መድረካችን ላይ የተከፈተው ጥር ውስጥ ነው። ባለቤቱ ራሱን የሳቢያን ልጅ ብሎ ይጠራል። ሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሥራ ግን የለም። ድሬዳዋ ውስጥ ያልገባበት ቢሮ እንደሌለ ጽፏል። ይህን ክፍል ብዙዎቻችን ስለምናውቀው አልፈዋለሁ።

ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው። እናቱ ዕቁብ ወጣላቸው። 40 ሰው፣ በወር 5 ሺህ ብር፣ ድምሩ 200 ሺህ። ዕጣው የወጣላቸው በሦስተኛው ወር ስለሆነ ገና 37 ወር መክፈል አለባቸው። ብሩን እንዳለ ለልጃቸው ሰጡት። ወለድ የለውም፤ ወርሃዊውን 5 ሺህ ግን ከእንግዲህ የሚከፍለው እሱ ነው።

ልጁ ሦስት ነገር አስቦ ነበር። ባጃጅ በግማሽ ከጓደኛ ጋር፣ ከዚራ ላይ ጭማቂ ቤት፣ ወይም እንቁላል ጣይ ዶሮ። ግቢው የእናቱ ስለሆነና ኪራይ ስለሌለበት ዶሮውን መረጠ። ሒሳቡንም አስቀመጠ። 400 የ45 ቀን ቄብ በ350 ብር፣ 140 ሺህ። ለቤቱ 45 ሺህ። ለመኖ 15 ሺህ። አለቀ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ጥሩ ቄብ የት ይገኛል?

ልብ በሉ፣ ልግባበት ወይስ ልተወው ብሎ አልጠየቀም። ሰው ግን ያልተጠየቀውን መመለስ ይወዳል። እኔም ከመላሾቹ አንዱ ስለሆንኩ ራሴን ነጻ አላደርግም።

1ኛው መልስ ምርቃት ነው። አንድ አባት ናቸው መሰለኝ፣ እናትህን አላህ ያቆይልህ ብለው፣ የዕቁብ ብር የሰው አደራ መሆኑን አሳስበው ወጡ።

2ኛው የባጃጅ ሰው ነው። ዶሮ ይሞታል፣ ባጃጅ ግን ቢበላሽ ይጠገናል ባይ ነው። ቀጥሎ ስለራሱ ባጃጅ፣ ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ቤንዚን ሰልፍ ረጅም ጽሑፍ አስከተለ። እስከ መጨረሻው ሲነበብ ባጃጁን ሊሸጥ እንደሚፈልግ ታወቀ።

3ኛዋ ከሐረር ጀጎል የጻፈች እናት ናት። ጥያቄውን በሌላ መንገድ ነው የተረዳችው። እሷ 12 የሐበሻ ዶሮ አላት። ፍርፋሪና የስንዴ እጣሪ ይበላሉ፣ ማታ ራሳቸው ይገባሉ። መኖ ተብሎ ብር የሚወጣበት ምክንያት አልገባትም፤ 400ውም እንደዚሁ ግቢ ውስጥ ቢለቀቁ ይበቃል አለች። ማንም አልተቆጣትም። የጨዋ ሰው አነጋገር ነበራት።

4ኛው ግን ክሩን አደፈረሰው። አምስት ዓመት የመንግሥት ዳቦ በልቶ፣ ድልድይ ሊሠራ ተምሮ፣ ዶሮ ሊጠብቅ ነው ወይ አለ። አፍ የሚያስከፍት ንግግር ነው። አምስት ስድስት ሰው ወረደበት። ከመካከላቸው አንዱ ዲግሪውን ምጣድ ላይ አስቀምጦ እንቁላል ይጥበስበት እንደሆነ ጠየቀው። እነዚህን መልሶች አልቆጥራቸውም።

5ኛው ሒሳብ ሹም የሚባል ሰው ነው። ባንክ ውስጥ እንደሚሠራ ከዚህ በፊት ጽፏል። የልጁን ቁጥር ወስዶ አባዛው። 400 ዶሮ 90 በመቶ ብትጥል በቀን 360 እንቁላል። በጅምላ አንዱ 13 ብር ቢሸጥ 4,680 ብር። አንድ ዶሮ በቀን 115 ግራም ትበላለች፤ 400ው 46 ኪሎ መሆኑ ነው። ኪሎው 50 ብር ሲገዛ 2,300 ብር። በወር ከ70 ሺህ በላይ ይተርፋል። ሲደመድምም ልጁ ሥራ መፈለጉን ትቶ ዛሬውኑ ሽቦ እንዲገዛ መከረው።

ማባዛቱ ትክክል ነው። ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ላይ ነበር። ያን ያየችው 6ኛዋ ናት።

6ኛዋን መድረኩ ላይ ሁላችንም የሐረማያዋ ነው የምንላት። የተማረችው ሐረማያ ነው፤ የእንስሳት ባለሙያ ናት። ነገሩን በአንድ ጥያቄ ጀመረችው። ልጁ ለመኖ የመደበው 15 ሺህ ስንት ቀን ይዘልቃል? ሦስት ኩንታል ይገዛል። 400 የ45 ቀን ቄብ በቀን 20 ኪሎ ያህል ስለሚበሉ በ15 ቀን ጆንያው ባዶ ነው። ያኔ ዶሮዎቹ ሁለት ወር ከሆናቸው ገና ቀናት ናቸው። መጣል የሚጀምሩት ደግሞ ከአራት ወር ተኩል በኋላ ነው።

ቀጥላ ይህን ቀስ ብላ ዘረዘረችው። ቄቧ ከ45 ቀን ተነስታ የራሷን መኖ በራሷ እንቁላል እስክትሸፍን ድረስ ሦስት ወር ተኩል ያህል አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስምንት ኪሎ ያህል ትበላለች። ኪሎው 50 ብር ከሆነ 400 ብር መሆኑ ነው፤ ቄቧ ራሷ ከተገዛችበት 350 ብር ይበልጣል። ክትባት፣ ሰጋቱራ፣ መብራትና የሚሞቱት ሲጨመሩ አንዷ ዶሮ አንድ ብር ሳታስገባ 800 ብር ትፈጃለች። ስለዚህ 400 ዶሮ ማለት ቤቱ ሳይቆጠር 320 ሺህ ብር ነው። ልጁ እጅ ላይ ያለው 200 ሺህ።

ሐሳቧ ይህ ነበር፦ ስንት ዶሮ ልግዛ የሚለውን የሚወስነው የዶሮ ዋጋ አይደለም። እስኪጥሉ ድረስ ስንት ጆንያ መኖ መግዛት እችላለሁ የሚለው ነው። ብዙ ወጣት የሚከስረው በሽታ ገብቶበት ሳይሆን በሦስተኛው ወር መኖ መግዣ አጥቶ ነው አለች። ያኔ ወይ በርካሽ ይሸጣቸዋል፣ ወይ መኖውን በፍሩሽካ ያቀጥነዋል። የተራበች ቄብ ደግሞ ዘግይታ ትጀምራለች፣ ከጀመረችም በኋላ ጥሩ አትጥልም።

7ኛው ልጁ ራሱ ነው። የተከፋ ይመስላል። ከአንድ ደላላ ጋር 400 ተነጋግሮ እንደነበር፣ ቀብድ ግን እንዳልሰጠ ጻፈ። ቁጥሩን ቢቀንስ ስንት ያዋጣል ብሎ ጠየቀ።

የሐረማያዋ መለሰችለት፤ 8ኛው ይኸው ነው። 150 ዶሮ፣ 120 ሺህ ብር። ለቤቱ 30 ሺህ፣ ለመመገቢያና ለመጠጫ ዕቃ፣ ለአምፖልና ለሽቦ 10 ሺህ። የሚቀረው 40 ሺህ እንዳይነካ አለች። ምክንያቱም ዕቁቡ ዶሮ አይጠብቅም። እንቁላል እስኪመጣ ድረስ አራት ጊዜ 5 ሺህ ይከፈላል። ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ለክፉ ቀን።

ሒሳብ ሹም ተመልሶ መጣ። ኩራቱን ዋጥ አድርጎ እንደገና ሠራው፤ ይህንን አክብሬለታለሁ። 150 ዶሮ በ75 በመቶ 112 እንቁላል ነው። በ13 ብር 1,456 ብር። መኖው 860 ያህል። በቀን 600 ብር ገደማ፣ በወር 18 ሺህ። ከዚያ ላይ 5 ሺህ ለዕቁቡ። የሐረማያዋ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። ዶሮ ዘላለም አትጥልም፣ ከዓመት ትንሽ አልፋ ትለወጣለች። ያረጁት ለበዓል ተሸጠው የአዲሶቹን ግማሽ ቢሸፍኑ እንኳ በየወሩ ወደ 5 ሺህ ብር ለቀጣዩ ዙር መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ለልጁ ኪስ 8 ሺህ የማይሞላ ይቀራል፤ ጥቃቅን ወጪውም ገና አልተነሳም። እንቁላሉ 10 ብር ከወረደ ደግሞ የቀኑ ትርፍ 260 ብር ይሆናል። ዕቁቡ ተከፍሎ ለሳሙና ይተርፋል ማለት ነው።

4ኛው ሰውዬ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ፣ ለዚህች ነው ወይ ይህ ሁሉ ጣጣ አለ። ማንም አልመለሰለትም። እውነት ለመናገር፣ መልሱ ቀላል ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ ሙቀት ዞረ። የድሬ ክር ሙቀት ላይ ሳይደርስ አያልቅም። 11ኛው መላሽ፣ ከግንቦት እስከ ሰኔ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ዶሮን ስለሚገድል የቤቱ ጎን ሁሉ በጆንያ ይሸፈን አለ። በእርግጠኝነት ነው የጻፈው። ሦስት ሰውም ወደደለት።

12ኛው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከጥቂት ዓመት በፊት 120 እንቁላል ጣይ ነበሩኝ። የተከራየሁት ጓሮ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ልክ ይህ ሰው እንዳለው በጆንያ የተሸፈነ። ውኃው ጥቁር ሮቶ ውስጥ ሆኖ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ግንቦት ላይ እንቁላል የማቀርብለት የፈጢራ ቤት ባለቤት እንቁላልህ እጄ ላይ ይሰበራል እያለ ለሁለት ሳምንት አጉረመረመብኝ። አመል አድርጌ ወሰድኩበት። አንድ ቀን ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ስገባ ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ቆመዋል። ድምፅ የለም። ያን ያህል ዶሮ ባለበት ቤት ድምፅ ሲጠፋ ያስፈራል። እጄን መጠጫው ውስጥ ሳስገባ ውኃው ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ነበር። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ድረስ 23 ዶሮ ሞተ። መኖው ተመርዟል ብዬ ሻጩን ልከስ ነበር። አንዷን ስከፍታት ሥጋዋ የተቀቀለ ይመስል ነጣ ብሏል። ያኔ ነው የገባኝ።

የሐረማያዋ 13ኛው ላይ ምክንያቱን ነገረችን። ዶሮ ላብ የላትም። የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ስታለከልክ ደግሞ የእንቁላሉን ቅርፊት የምትሠራበት ነገር ከትንፋሿ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ቅርፊት መሳሳት ከሞት በፊት የሚመጣ ወሬ ነጋሪ ነው። የፈጢራው ሰውዬ ሳያውቀው ሐኪሜ ነበር ማለት ነው። አልሰማሁትም።

ጆንያውንም ጉዳይ አቃናችው። የሚገድለው ነፋሱ ሳይሆን የነፋሱ መቅረት ነው። ቤቱ ረዘም ብሎ ጫፎቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይሁኑ፤ ፀሐይ በጎን እንዳትገባ። ረጃጅሞቹ ጎኖች ከወገብ በላይ ወንፊት ሽቦ ብቻ ይሁኑ። ጆንያ ከተሰቀለም ለዝናብና ለሌሊት የሚጠቀለል ይሁን። ጣሪያው ከፍ ይበል፣ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ይውጣ፣ ቆርቆሮው ላይ ሣር ይደረብበት። ቆላ ላይ በካሬ ሜትር ከአምስት ዶሮ በላይ አታስገባ፤ ለ150ው 30 ካሬ መሆኑ ነው። ሮቶው መሬት ላይ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቱቦው ይቀበር።

የመኖውንም ሰዓት ነገረችው። የበላች ዶሮ ሆዷ ስለሚሠራ ሙቀት ትፈጥራለች። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት መመገቢያው ይነሳ፤ ውኃው ብቻ ይቅር። ያጡትን በጥዋትና በማታ ይካሱ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አምፖል ቢበራ፣ ማታም እስከ 2 ሰዓት ቢቆይ 16 ሰዓት ብርሃን ያገኛሉ፤ ለመጣልም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ቀዝቃዛው ጊዜም ያ ስለሆነ ይበላሉ። መብራት ሲሄድስ ብሎ አንዱ ጠየቀ። ሳቅ ሆነ። ትንሽ የፀሐይ መብራት ይግዛ አለች፤ ብርሃኑ ዛሬ እየመጣ ነገ እየቀረ ከሆነ ዶሮዋ መጣል ልታቆም ትችላለች።

14ኛው ልጁ ነው። መሐንዲስነቱ ያኔ ታየ። የግቢውን ንድፍ በቃላት ጻፈልን፤ በስንት ሜትር ስፋት፣ በየት በኩል በር። ምዕራቡ ጥግ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከሰዓት በኋላ ጥላው እዚያው ያርፋል። ቤቱን ሊያቆም ያሰበው ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ነበር፤ እናቱ ኒሙ ሥር ቡና ስለሚያፈሉ። ይህ ጉዳይ ለሦስት መልስ ያህል አከራከረ። ቡናው ይነሳ ያሉ ነበሩ። እናትየው ናቸው ብሩን የሰጡት፣ እንዴት ከጥላቸው ይነሳሉ ያሉም ነበሩ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሁለቱንም የሚያስጠልል ዛፍ ይመስለኛል። ሽታው ሲመጣ ግን እሳቸው ራሳቸው ይነሳሉ።

18ኛው ከደቻቱ ወንዝ ዳር ርካሽ ባዶ ቦታ አለ፣ ቤት አጠገብ ከምታሸት እዚያ ተከራይ አለው። ይህን አንድ ጎረምሳ ነው የጻፈው፤ በ1998 ክረምት ገና ሕፃን ነበር መሰለኝ። አንዲት የዚሁ የድሬው አዲስ ከተማ ሰፈር ሴት ቆጣ ብላ መለሰችለት። ያን ሌሊት ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው መብላቱን፣ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ወንዝ ደጋ ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንደሚመጣ ነገረችው። ጎረምሳው ይቅርታ ጠየቀ። ክሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልጻፈም።

20ኛው መልስ በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ። ሰውዬው ቄብ ከደላላ ገዝቶ የተሸወደ ነው። ቦቫንስ ብራውን ተብሎ የተሸጠለት ውስጥ ሲያድግ ግማሹ ሳሶ ሆነ። ሳሶ ሥጋዋ ጥሩ ነው፤ ብዙ ትበላለች፣ እንደ ቦቫንስ ግን አትጥልም። ስለዚህ ልጁ ዶሮውን በጨለማ እንዳይረከብ መከረው። የሐረማያዋ መለያ ሰጠች። ቦቫንስ ብራውንም ሎህማን ብራውንም ሲፈለፈሉ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጭ ነው። ቡናማዎቹ መሐል ነጭ ከበዛ ደላላው አውራ እየሸጠልህ ነው። እግራቸው ወፍሮ ደረታቸው የሰፋ፣ ላባቸውም የተለያየ ከሆነ ሌላ ዝርያ ነው። ከሁሉም በላይ የክትባት ወረቀቱን ጠይቅ፤ የማሬክ፣ የጉምቦሮና የፈንግል ቀን በቀን ካልተጻፈበት አትውሰድ። ወረቀቱ ቤት ነው የሚል ሻጭ ቤቱ ድረስ ይዞህ ይሂድ።

ስለ ፈንግልም አንድ ነገር ተነሳ፤ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። 22ኛው ሰው ክትባቱን ከቧንቧ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ሰጥቶ ዶሮዎቹ አለቁበት፤ ክትባቱ ውሸት ነው ብሎም ያምናል። የሐረማያዋ ክትባቱ እውነት እንደሆነ፣ ክትባቱን የገደለው ክሎሪኑ ሊሆን እንደሚችል ነገረችው። ሕያው ክትባት ነው፤ ቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። ውኃው ሌሊቱን ተከፍቶ ይደር፣ ጠዋት በሊትር ሁለት ግራም ያህል የወተት ዱቄት ይግባበት። ዶሮዎቹ አስቀድመው ትንሽ ይጠሙ፣ የተበጠበጠው ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣ። ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚወጣው ጠርሙስም ከፋርማሲው እስከ ቤት ድረስ በረዶ ላይ ይምጣ። በድሬ ፀሐይ ኪስ ውስጥ የመጣ ክትባት ውኃ ነው። ሰውዬው ግን አላመነም። አሁንም ውሸት ነው ይላል።

ገበያው ላይ ስንደርስ ወሬው ሞቀ። አንዱ ከአዲስ አበባ ጻፈና የሁዳዴ ጾም ሲገባ እንቁላል እንደሚበሰብስ አስጠነቀቀ። 55 ቀን ገዢ የለም አለ። የመጋላ ልጆች ሳቁበት። ሁዳዴ ከዚራ ያሉ ቁርስ ቤቶችን ይቀንሳል እንጂ መጋላ ውስጥ ፈጢራ ቤቱ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይሰብራል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የጠዋቱ ወደ ማታ ይዞራል። ከሁለቱም ሰፈር ደንበኛ የያዘ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ይህ የድሬ ጥቅም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ሒሳብ እዚህ ልክ አይመጣም።

ሆኖም 26ኛው፣ ፈጢራ ቤት ለአምስት ዓመት ያስተዳደረ ሰው፣ ደስታችንን ቀዝቀዝ አደረገው። ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ እንቁላል አለ። እሱ ሲበዛ የድሬው ዋጋ በአንድ ሳምንት ይወርዳል። ፈጢራ ቤት ዋጋ እንጂ የሰፈር ልጅ አያይም። የሰፈሩ ልጅ የሚበልጠው በሁለት ነገር ነው፤ መንገድ ላይ አልተሰበረም፣ በየቀኑ ይመጣል። ሁለተኛው ችግር ዱቤ ነው። ፈጢራ ቤት በሳምንት መጨረሻ እከፍላለሁ ይላል፤ መኖ ሻጭ ግን በዱቤ አይሰጥም። ለሁለት ደንበኛ የአንድ ሳምንት ዱቤ ከሰጠህ ለክፉ ቀን ብለህ ካስቀመጥከው 20 ሺህ ግማሹ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ራሱ ስንት እንቁላል ሻጭ እንዳመላለሰ ሳያፍር ጻፈ። አቦ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚጠቅመው።

እዚህ ላይ ባጃጁ ሰውዬ ተመልሶ ባጃጁ እንዳልተሸጠ አሳወቀ። አንዱ ጫት ማከፋፈል ይሻላል አለ። ጫት ይሻላል የሚለውና የጫት ብር በረከት የለውም የሚለው ዐሥር መልስ ያህል ተሰዳደቡ። አወያዩ ሁለቱን አስወጣ።

የቀረው ትልቁ ክርክር የወሩ ነበር፤ አሁንም አልተፈታም። የሐረማያዋ ልጁ እንዲቆይ ትፈልጋለች። ጥር መጨረሻ ቄብ ቢያስገባ እንቁላሉ የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው። አዲስ ጣይ ዶሮ በዓመቱ ክፉ ሙቀት ጫፍ ላይ መጀመሯ ነው፤ ባለቤቱም ገና ጀማሪ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ቢያስገባ ግን ቄብነታቸው በሙቀቱ ያልፋል፤ ቄብ ከጣይ ዶሮ ይልቅ ሙቀት ትችላለች። እንቁላሉ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል፣ ከዚያ አየሩ እየበረደ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ግንቦት እንደ ጣይ ሲያዩ ልጁም ዓመት የሠራ ሰው ይሆናል።

ሒሳብ ሹም ይህን በአንድ መስመር ቆረጠው። ከጥር እስከ ግንቦት አራት ወር ነው፤ አራት ዕቁብ 20 ሺህ ብር። ዶሮ የሚያህል ነገር ሳይገዛ ክፉ ቀኑ አለቀ። በዚህ ጊዜ ከ150ው 25 ዶሮ ቀንስ ማለት ነው፤ አለዚያ ልጁ አራቱን ወር የቀን ሥራ ሠርቶ ዕቁቡን ይክፈል። የሐረማያዋ 25 ዶሮ መቀነስ በግንቦት 23 ዶሮ ከመቅበር ይሻላል አለች። ቁጥሩ ከኔ መልስ የተወሰደ ነው። ትንሽ ጠቅ አደረገኝ።

እኔ ከማን ጋር እንደሆንኩ ብትጠይቁኝ፣ ከእሷ ጋር ነኝ። ግን የኔ እናት አይደለችም የዕቁብ ዕዳ ያለባት።

ልጁ 41ኛው ላይ ተመለሰ። ስለ ወሩ ምንም አልተናገረም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መጋላ ሄዶ ሦስት ፈጢራ ቤት ፊት ለፊት ሻይ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ባዶ የእንቁላል ትሪ ሲወጣ ይቆጥራል። አንዱ ሁለት ትሪ፣ አንዱ አራት፣ ሦስተኛው ሊቆጥር ሲል አስተናጋጁ ከማዘጋጃ ቤት ነህ ወይ ብሎ አስነሳው። ትሪው 30 ስለሚይዝ ሁለቱ ብቻ በቀን 180 እንቁላል ይፈጃሉ፤ የእሱ 150 ዶሮ ከምትጥለው በላይ። አንደኛው ባለቤት ዋጋውንና መክፈያ ቀኑን ነግሮታል። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚከፍለው።

ከታች አንድ ጥያቄ ጨምሯል። 30 ካሬ ቤት ለመሥራት የባሕር ዛፍ ማገር ከየት በርካሽ ይገኛል ብሏል። እስካሁን የመለሰለት ባለባጃጁ ብቻ ነው፤ ሸክሙን በነጻ ላመላልስልህ አለው።